ነጥቡና ኮማው ቦታ ሲለዋወጡ

አንድ ቡና ላኪ ድርጅት ሃምቡርግ ካለው ገዢው የሂሳብ ማጠቃለያ በኢሜይል ደረሰው እንበል። ሰንጠረዡ አጭር ነው። ሦስት ጭነት አለ፣ አንድ ተቀናሽ አለ፣ ከታች ድምሩ ተጽፏል። የመጀመሪያው ጭነት አንድ ኮንቴይነር ሙሉ ነው፤ ባለ 60 ኪሎ ጆንያ 320፣ በድምሩ 19,200 ኪሎ። የሂሳብ ሠራተኛዋ ሰንጠረዡን ከኢሜይሉ ገልብጣ አዲስ አበባ ባለው ኮምፒውተሯ ኤክሴል ላይ ለመለጠፍ ተዘጋጅታለች። ኢሜይሉ ላይ የሚነበበው ይህ ነው፦

```
ኪሎ       የኪሎ ዋጋ    ጠቅላላ
19.200    5,125     98.400,00 €
9.600     5,300     50.880,00 €
850       5,300     4.505,00 €
ተቀናሽ               625,50-
ድምር                153.159,50 €
```

ጀርመኖች ሺዎችን የሚለዩት በነጥብ ነው፤ ሳንቲሙን ደግሞ በኮማ ይቆርጡታል። ጣሊያኑም ስፔኑም እንደዚያው ነው። እኛ የምንጽፈው እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ እንደሚጽፉት፣ ሺውን በኮማ፣ ሳንቲሙን በነጥብ ለይተን ነው። የትኛውም ወገን አልተሳሳተም። የዓለም የመለኪያ ጉባኤ በ2003 ባሳለፈው ውሳኔ የአስርዮሹ ምልክት ነጥብም ኮማም ሊሆን ይችላል ብሏል፤ ሺዎችን ለመለየት ግን ሁለቱንም ትታችሁ ባዶ ቦታ ተጠቀሙ ሲል መክሯል። ምክሩን የሂሳብ ክፍሎች ሰምተውት ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባላስፈለገ ነበር።

ኤክሴል የተለጠፈለትን ቁጥር የሚያነበው ኮምፒውተሩ በተስተካከለበት አገር ልማድ ነው። እኛ ዘንድ ይህ ብዙውን ጊዜ የአሜሪካ እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ሠራተኛዋ ሰንጠረዡን ስትለጥፍ ሦስቱ ዓምዶች ሦስት የተለያየ ዕጣ ይገጥማቸዋል።

ጠቅላላ የሚለው ዓምድ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። 98.400,00 የሚል ቁጥር በአሜሪካ ልማድ ስለሌለ ኤክሴል እንደ ስም ወይም እንደ አድራሻ ያለ ተራ ፊደል አድርጎ ያስቀምጠዋል። በ SUM ሲደመር ውጤቱ 0 ነው፤ ስህተት ነው የሚል ምልክትም አይወጣም፣ ምክንያቱም SUM በዓምዱ ውስጥ ያገኘውን ጽሑፍ አልፎ ነው የሚደምረው። ሁለቱን ሴሎች በመደመር ምልክት ለማያያዝ ብትሞክር ግን #VALUE! የሚል ይመጣል። ጽሑፍ የሆነ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ወደ ሴሉ ግራ ይጠጋል፣ እውነተኛ ቁጥር ወደ ቀኝ። ከኢሜይል የተገለበጠ ሰንጠረዥ አሰላለፉን ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ግን ዓይንን ማመን አያዋጣም። =ISNUMBER(C2) ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ FALSE ካለ ጽሑፍ ነው።

ይህ ዓምድ ቢያንስ ቅን ነው፤ አልገባኝም ብሎ ቆሟል። ችግሩ ገባኝ ያሉት ሁለቱ ናቸው። 19.200 በአሜሪካ ልማድ ትክክለኛ ቁጥር ነው፤ አስራ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት ማለት ነው። ኤክሴል ምንም ሳይጠይቅ 19.2 ያደርገዋል። 5,125 ደግሞ አምስት ሺህ አንድ መቶ ሃያ አምስት ይሆናል። የሚያስገርመው ሴሉ ላይ አሁንም 5,125 ተብሎ መታየቱ ነው። ሃምቡርግ የላከው እሱው ይመስላል። ከላይ ያለውን የፎርሙላ መስመር ካላዩ በቀር 5125 መሆኑ አይታወቅም።

አሁን ሠራተኛዋ ጠንቃቃ ናትና ኪሎውን በዋጋው አባዝታ ከገዢው ጠቅላላ ጋር ታመሳክራለች። 19.2 ሲባዛ በ5125 ስንት ይመጣል? 98,400። ገዢው የጻፈው ልክ ይህንኑ ነው። ሁለተኛውም መስመር እንዲሁ፤ 9.6 በ5300 ሲባዛ 50,880 ይሰጣል። ክብደቱ በሺህ አንሷል፣ ዋጋው በሺህ በዝቷል፣ ሁለቱ ስህተቶች ተጣፍተው ብዜቱ እውነት ሆኖ ወጣ። ማመሳከሪያ አለፈ ማለት ውሂቡ ንጹሕ ነው ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ጉዱን የሚያወጣው ትንሹ ጭነት ነው። 850 ኪሎ ሺህ ስላልሞላ ነጥብ የለውም፤ ኤክሴል በትክክል 850 ብሎ ያነበዋል። የኪሎ ዋጋው ግን 5300 ሆኗል። ብዜቱ 4,505,000 ዩሮ ነው፣ መሆን የነበረበት 4,505። ይህ መስመር ባይኖር ኖሮ ሰንጠረዡ ሳይጠረጠር ያልፍ ነበር፤ በወሩ መጨረሻ የተላከው ቡና ሲደመርም 28,800 ኪሎ መሆኑ ቀርቶ 28.8 ኪሎ ይባላል።

አንዳንዱ ይህን ሲያይ የክብደቱን ዓምድ በ1000 አባዝቶ ሊገላገል ይሞክራል። እንዲህ ሲያደርግ 850ዋ 850,000 ትሆናለች። አንዴ ኤክሴል የለወጠው ሴል ቀድሞ ምን ተብሎ ተጽፎ እንደነበር አያስታውስም፤ የትኛው ነጥብ እንደነበረው፣ የትኛው እንዳልነበረው መለየት አይቻልም። ስለዚህ የተለጠፈውን ሰርዞ ከኢሜይሉ እንደገና መጀመር ነው።

በሁለተኛው ዙር ከመለጠፍ በፊት የሚቀመጡበት ሴሎች ይመረጡና Home ከሚለው ሥር ካለው የቁጥር ዓይነት ዝርዝር ውስጥ Text ይደረጋሉ። ከዚያ Match Destination Formatting በሚለው አማራጭ ይለጠፋል። አሁን ሁሉም ነገር፣ 850ን ጨምሮ፣ ጽሑፍ ነው፤ ገዢው በጻፈው መልክ ተቀምጧል። የሚፈለገውም ይኸው ነው፦ መጀመሪያ ሁሉንም ጽሑፍ አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ በየትኛው ልማድ እንደሚነበብ ራስ መናገር።

ለዚህ የተሠራው ፈንክሽን NUMBERVALUE ይባላል፤ ከኤክሴል 2013 ጀምሮ አለ። ሦስት ነገር ይቀበላል፦ ጽሑፉን፣ የአስርዮሹን ምልክት፣ የሺውን ምልክት። ውጤቱን ለመያዝ General የሆነ ባዶ ዓምድ ይመረጣል፤ Text በተደረገ ዓምድ ላይ ፎርሙላ ቢጻፍ ፎርሙላው ራሱ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል።

```
=NUMBERVALUE(A2,",",".")
```

ይህ ለኪሎውም ለዋጋውም ይበቃል። 19.200 አስራ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ይሆናል፣ 5,125 አምስት ነጥብ አንድ ሁለት አምስት። ጀርመንኛ ኤክሴል ያለው ሰው፣ ፍራንክፈርት የሚኖር ወገናችን ለምሳሌ፣ ይህንኑ ZAHLENWERT በሚል ስም ያገኘዋል፤ በፎርሙላው ውስጥም መለያው ኮማ ሳይሆን ሴሚኮለን ነው።

የዩሮ ምልክት ከኋላው የተለጠፈበት ዓምድ አንድ እርምጃ ይጨምራል። ምልክቱን መጀመሪያ ማንሳት ያስፈልጋል። ከኢሜይል ወይም ከድረ ገጽ ሲገለበጥ ደግሞ በቁጥሩና በምልክቱ መካከል ያለው ክፍተት ተራ ባዶ ቦታ ላይሆን ይችላል። መስመር እንዳይሰበር የሚደረግ ልዩ ባዶ ቦታ አለ፤ ለዓይን አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ቁጥሩ 160 የሆነ ሌላ ፊደል ነው። TRIM አያነሳውም። ተራ ባዶ ቦታ NUMBERVALUE ራሱ ይዘለዋል፤ ይህኛውን ግን በስሙ ጠርቶ ማስወጣት ነው።

```
=NUMBERVALUE(SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(C2,"€",""),
 UNICHAR(160),""),",",".")
```

ተቀናሹ ላይ የመቀነስ ምልክቱ ከኋላ ነው፤ 625,50- ተብሏል። አንዳንድ የሂሳብ ሶፍትዌሮች እንዲህ ያወጣሉ። ምልክቱ እንዴት እንደሚነበብ ለዕድል ከመተው አውጥቶ ራስ ማባዛት ይቀላል።

```
=IF(ISNUMBER(FIND("-",C5)),-1,1)
 *NUMBERVALUE(SUBSTITUTE(C5,"-",""),",",".")
```

ምልክቱ ካለ በ-1፣ ከሌለ በ1 ይባዛል። ውጤቱ -625.5 ነው። ሦስቱ ጭነቶች 153,785 ይሆናሉ፣ ተቀናሹ ሲወጣ 153,159.50፤ ገዢው ከታች ከጻፈው ጋር ገጠመ። ድምሩ ብቻ አይበቃም፤ በየመስመሩ ኪሎው በዋጋው ሲባዛ ጠቅላላውን መስጠት አለበት፣ የኪሎው ድምርም ከጭነት ሰነዱ ላይ ካለው 29,650 ጋር መግጠም አለበት። ቅድም ያመለጠንን ስህተት የሚይዘው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ክብደቱን ዋጋው በሌለበት ስለሚፈትነው።

ፎርሙላ የማይወዱ ሰዎች Find and Replace ይጠቀማሉ። ይሠራል፣ ቅደም ተከተሉ ግን አይገለበጥም፦ መጀመሪያ ነጥቡ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ኮማው ነጥብ ይሆናል። ኮማውን ካስቀደሙ 98.400,00 የነበረው 98.400.00 ይሆንና የትኛው ነጥብ የትኛው እንደሆነ ይጠፋል። በየወሩ ተመሳሳይ ፋይል የሚመጣለት ሰው ደግሞ Power Query ውስጥ የዓምዱን ዓይነት ሲለውጥ Using Locale የሚለውን መርጦ German (Germany) ቢል አንዴ አስተካክሎ ያርፋል። በዚያ መስኮት አገሩን ሳይመርጡ ማለፍ ግን አደገኛ ነው፤ እዚያ በአሜሪካ ልማድ 12,5 ተብሎ የተጻፈ ነገር 125 ይሆናል።

ፎርሙላ የማይፈታው አንድ ሁኔታ አለ። ዓምዱ ውስጥ ግማሹን ሃምቡርግ፣ ግማሹን አዲስ አበባ ሞልቶት ከሆነ ልማዶቹ ተደባልቀዋል። 4,505.00 የሚል ሴል ሲያገኝ NUMBERVALUE የሺው ምልክት ከአስርዮሹ በኋላ መጣ ብሎ #VALUE! ይላል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን 4,505 ብቻ ተብሎ ከተጻፈ አራት ሺህ ይሁን አራት ነጥብ አምስት ፊደሉን በማየት የሚያውቅ ማንም የለም። ከምልክቱ በኋላ ልክ ሦስት አሃዝ ያለው ሴል ሁሉ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ውስጥ ነው። እነዚያን ለይቶ ማውጣት፣ ከሰነዱ ጋር ማየት፣ ካልሆነም የጻፈውን ሰው ደውሎ መጠየቅ እንጂ ሌላ መንገድ የለውም።

የራሳችንም ሰንጠረዦች ከዚህ አያመልጡም። 1,250.00 ብር ብሎ በሴሉ ውስጥ የሚጽፍ ሰው ልክ እንደ ዩሮው ቁጥሩን ጽሑፍ አድርጎታል፤ ሲደመርም ዜሮ ይመጣል። የተጻፈውን ለመመለስ ብር የሚለውን በ SUBSTITUTE አንስቶ ምልክቶቹን በእኛ ቅደም ተከተል መስጠት ነው፦

```
=NUMBERVALUE(SUBSTITUTE(A2,"ብር",""),".",",")
```

ለወደፊቱ ግን ሴሉ ውስጥ 1250 ብቻ ይጻፍና Format Cells ከሚለው ውስጥ Custom ተመርጦ #,##0.00 "ብር" ይሰጠው። ያኔ ብር የሚለው ቃል ቁጥሩ ላይ የተጻፈ ሳይሆን ኤክሴል ሲያሳይ የሚስለው ነው፤ ሴሉም 1,250.00 ብር ብሎ እየታየ በትክክል ይደመራል።