የመዋዠቅን ልክ ለማወቅ ስንት ናሙና ይበቃል? ከካይ-ስኩዌር ጋር ትውውቅ

አንድ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ አለ እንበል። በየጠርሙሱ ላይ 500 ሚሊ ሊትር የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። መሙያ ማሽኑ ግን ሁሉንም እኩል አይሞላም፤ አንዱ ጠርሙስ 503፣ ሌላው 511፣ ሌላው 506 ሆኖ ይወጣል። ከ500 በታች የሚቀሩት ጠርሙሶች ከመቶ ከሁለት ተኩል እንዳይበልጡ ከተፈለገ፣ የማሽኑን አማካይ ከ500 ከፍ አድርጎ ማስተካከል ግድ ነው። ምን ያህል ከፍ ማለት እንዳለበት የሚወስነው መዋዠቁ ነው። አሞላሉ የኖርማል ሥርጭትን ከተከተለ አማካዩ በስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 1.96 እጥፍ ከ500 መብለጥ አለበት።

የጥራት ባለሙያዋ 10 ጠርሙስ ለክታ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን 4 ሚሊ ሊትር አገኘች እንበል። በዚህ ቁጥር ከሄደች ማሽኑን 507.8 ላይ ታስተካክላለች። ነገር ግን ይህ 4 የአሥር ጠርሙስ 4 ነው። ሌላ አሥር ብታነሳ 3 ወይም 5.5 ሊመጣ ይችላል። የማሽኑ እውነተኛ መዋዠቅ፣ ማለትም በ σ የሚጻፈው፣ ከናሙናው s ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል የሚነግራት ካይ-ስኩዌር የተባለው ሥርጭት ነው።

ይህ ሥርጭት ለናሙና መዋዠቅ እንደሚሠራ ያሳየው ጀርመናዊው የምድር ልኬት ሊቅ ፍሪድሪክ ሮበርት ሄልመርት ነው፤ ሥራው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ አጋማሽ ነበር። ሄልመርት የደረሰበት ውጤት በአጭሩ ይህ ነው፦ ልኬቶቹ ከኖርማል ሥርጭት በዘፈቀደ የተወሰዱ ከሆኑ (n−1)s²/σ² የሚለው ክፍልፋይ n−1 የነፃነት ዲግሪ ያለውን ካይ-ስኩዌር ይከተላል። ካይ-ስኩዌር ከዜሮ በታች አይወርድም፤ ጅራቱ ወደ ቀኝ ይረዝማል፤ አማካዩም ከነፃነት ዲግሪው ጋር እኩል ነው።

ወደ ጠርሙሶቹ እንመለስ። አሥር ጠርሙስ ማለት 9 የነፃነት ዲግሪ ነው። በሠንጠረዡ ላይ መካከለኛውን 95 ከመቶ የሚያቅፉት ሁለት ቁጥሮች 2.700 እና 19.023 ናቸው። 9ን ለ19.023 አካፍለን ካሬ ሥሩን ስንወስድ 0.688 እናገኛለን፤ ለ2.700 አካፍለን ስንወስድ ደግሞ 1.826። እነዚህን በ4 ብናባዛ እውነተኛው መዋዠቅ ከ2.75 እስከ 7.30 ሚሊ ሊትር በየትኛውም ቦታ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የላይኛው ወሰን ከ4 በ3.30 ሲርቅ የታችኛው የሚርቀው በ1.25 ብቻ ነው፤ ይህ ከሥርጭቱ ረጅም ጅራት የመጣ ነው። የማሽኑ ማስተካከያም በዚያው ልክ ይዋልላል፦ ከ505.4 እስከ 514.3። በየጠርሙሱ 9 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ልዩነት በ100,000 ጠርሙስ 900 ሊትር ገደማ ውሃ ይሆናል።

ስለዚህ ጥያቄው መገልበጥ አለበት፤ ከመለካት በፊት ስንት ጠርሙስ እንደሚያስፈልግ መወሰን ይቀድማል። ባለሙያዋ የምትፈልገው s ከ σ ከ10 ከመቶ በላይ እንዳይርቅ፣ ይህም በ95 ከመቶ እርግጠኝነት እንዲሆን ነው እንበል። s ከ0.9σ እስከ 1.1σ ባለው ውስጥ ይሁን ካልን፣ በካሬ ሲታይ s²/σ² ከ0.81 እስከ 1.21 ይሆናል። ሁሉንም በ n−1 ስናባዛ ካይ-ስኩዌሩ ከ0.81(n−1) እስከ 1.21(n−1) ባለው ክልል መውደቅ አለበት። የሚቀረው ይህ ዕድል 0.95 የሚደርስበትን n መፈለግ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ σ ከስሌቱ ወጥቷል። የአማካይን ናሙና ለመወሰን አስቀድሞ σን መገመት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጥናቶችም እዚያ ላይ ይደናቀፋሉ። መዋዠቅን በመቶኛ ትክክለኛነት ለመገመት ግን ምንም ቅድመ ግምት አያስፈልግም። ለውሃ ጠርሙስ የሚበቃው ቁጥር ለቡና ፍሬ ክብደትም ሆነ ለተማሪዎች ቁመት ያው ነው፤ ልኬቶቹ ኖርማል እስከሆኑ ድረስ።

ቁጥሩን በኮምፒውተር ሠንጠረዥ ላይ መፈተሽ ቀላል ነው። ለ n = 192 እንዲህ ይጻፋል፦

```
=CHISQ.DIST(1.21*191,191,TRUE)-CHISQ.DIST(0.81*191,191,TRUE)
```

መልሱ 0.95 ገደማ ነው። በዚሁ ቀመር 191ን በ29 ብንተካ፣ ማለትም በብዙዎች ዘንድ «ይበቃል» የሚባለውን 30 ናሙና ብንወስድ፣ የሚወጣው 0.55 ገደማ ነው። ሠላሳ ጠርሙስ የለካ ሰው በ10 ከመቶ ውስጥ መቅረቱ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይሻልም።

በእጅ ለማስላት n ≈ 1.96²/(2d²) የሚለው ቀመር ይበቃል፤ d የሚፈቀደው ስህተት ነው። ለ20 ከመቶ 48፣ ለ10 ከመቶ 192፣ ለ5 ከመቶ 768 ይሰጣል። ስህተቱ በግማሽ ሲቀንስ ናሙናው አራት እጥፍ ያድጋል፤ 1 ከመቶ የፈለገ ሰው 19,200 ገደማ ያስፈልገዋል። ባለሙያችን 192 ለክታ እንደገና 4 ብታገኝ ክልሏ ከ3.64 እስከ 4.45 ይጠብባል፤ ማስተካከያውም ከ507.1 እስከ 508.7 ባለው ውስጥ ይወሰናል።

ይህ ሁሉ ግን የቆመው ልኬቶቹ ኖርማል ናቸው በሚለው ላይ ነው። ለአማካይ ሲሆን ናሙናው ሲበዛ የሥርጭቱ ቅርጽ የሚያመጣው ችግር እየቀለለ ይሄዳል። ለስታንዳርድ ዴቪዬሽን ግን የካይ-ስኩዌር ክልል ስህተት ናሙና በመጨመር አይታረምም። ለምሳሌ በባንክ መስኮት ፊት የሚጠፋ ጊዜ ብዙ ጊዜ ወደ ቀኝ ረጅም ጅራት አለው። ጊዜው የኤክስፖኔንሻል ሥርጭትን ቢከተል፣ ለ10 ከመቶ የሚያስፈልገው 192 ሳይሆን አራት እጥፉ፣ 768 ገደማ ነው። 192 ብቻ ይዞ «95 ከመቶ» ብሎ የጻፈ ሰው በእውነት የያዘው ሁለት ሦስተኛ የሚያህል እርግጠኝነት ነው። ጅራታቸው ከኖርማል የሚያጥር ሥርጭቶች ደግሞ ባነሰ ናሙና ይበቃቸዋል።

ችግሩን ለማየት ልኬቶቹን በሂስቶግራም ወይም በኖርማል ፕሮባቢሊቲ ግራፍ ላይ ማስቀመጥ ነው። ነጥቦቹ በግራፉ ዳር ላይ ከቀጥታው መስመር ካፈነገጡ ሠንጠረዡን አለማመን ይበጃል። በጠርሙስ ፋብሪካ አንድ ማሽን ብዙ የመሙያ አፍ ስላለው፣ አንዱ አፍ ከሌሎቹ አብልጦ የሚሞላ ከሆነ ሂስቶግራሙ ሁለት ጉብታ ያወጣል፤ ያኔ አፎቹን ለይቶ መለካት ይገባል። በተከታታይ የተነሱ 192 ጠርሙሶችም አንድ ሰዓት ብቻ ይወክላሉ። ማሽኑ በቀኑ ውስጥ የሚያሳየው ለውጥ ስለማይገባባቸው s ከእውነቱ ያንሳል። ናሙናው በፈረቃዎቹ ሁሉ ተበትኖ መነሳት አለበት።

መለኪያው ውድ ሆኖ ወይም ዕቃው በመለካቱ የሚበላሽ ሆኖ 192 ማግኘት ካልተቻለ፣ ባለው n ሠርቶ ክልሉን ከቁጥሩ ጎን መጻፍ ነው። በ30 ጠርሙስ የተገኘ 4 «ከ3.2 እስከ 5.4» ተብሎ ይቀርባል። ከ500 በታች የሚቀር ጠርሙስ እንዳይበዛ የሚጠነቀቅ ሰውም ማሽኑን የሚያስተካክለው በ4 ሳይሆን በ5.4 አስልቶ ነው።