በመንገድ መጨናነቅ የሚግል ሞተር ሳይክል፦ መጀመሪያ ምን እንመልከት?

ባለፈው ወር በአንድ የጁሙዓ ቀን፣ ከሶላት በኋላ ከአንዋር መስጊድ አካባቢ ወደ አውቶቡስ ተራ ስናመራ መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ነበር። ታናሽ ወንድሜ 125 ሲሲ በሆነች ሞተር ሳይክሉ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ራዲያተር ባላት 250 ሲሲ ሞተሩ አብረውን ነበሩ። ግማሽ ሰዓት ያህል እየቆምን እየተንፏቀቅን ከሄድን በኋላ ሁለቱም ዳር ይዘው ቆሙ። የወንድሜ ሞተር ጉልበት አንሷት ነዳጅ ሲሰጣት ትንቋቋ ነበር፤ የዘይት ቃጠሎም ይሸታል። የባልደረባዬ ደግሞ ቀዩን የሙቀት መብራት አበራች። ሕመማቸው አንድ ይመስላል፤ መንስኤው ግን ለየቅል ነው።

በአየር የሚቀዘቅዘው ሞተር

የዚህ ዓይነቱ ሞተር ሲሊንደሩና ቴስታታው ዙሪያ ስስ የብረት ክንፎች አሉት። ሙቀቱ ወደ ክንፎቹ ይተላለፋል፤ ስንነዳ የሚመጣው ነፋስም ይወስደዋል። ስንቆም ነፋሱም አብሮ ይቆማል። ያን ጊዜ ከሞተሩ ውስጥ ሙቀት እየለቀመ የሚዞረው ዘይቱ ነው። ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ በቅድሚያ የሚታየው የዘይቱ መጠን ነው።

ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አስነስተን እናጠፋለን፤ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ሁለት ሦስት ደቂቃ እንጠብቃለን። ሞተሩ በደልዳላ ቦታ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ በጎን ማቆሚያው ካዘነበለ ልኩ ያሳስታል። የወንድሜን ስንለካ መለኪያው ጫፉ ብቻ ረጠበ። ልኩ እስኪደርስ 350 ሚሊ ሊትር ያህል ወሰደ። የዚህ ዓይነቱ ትንሽ ሞተር የሚይዘው በጠቅላላው ወደ 1 ሊትር ገደማ ስለሆነ፣ ሲሦው ጠፍቶ ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ በክንፎቹ መካከል የደረቀ ጭቃ መኖሩን እንይ። ጭቃ ሙቀቱን እንደ ብርድ ልብስ ያፍነዋል። ስናጥበው ግን ሞተሩ በርዶ መሆን አለበት፤ በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ሊሰነጥቀው ይችላል። ከዚያም ጎማውን ከመሬት አንሥተን በእጅ እናዙረው። ከተያዘ ፍሬኑ ስላልለቀቀ ሞተሩ ያለ ምክንያት እየደከመ ነው። ፍሪሲዮንን በከፊል ይዞ መንፏቀቅም ዘይቱን ያግላል፤ በብዙዎቹ ሞተሮች ፍሪሲዮኑ የሚሠራው እዚያው ዘይት ውስጥ ነውና።

በፈሳሽ የሚቀዘቅዘው ሞተር

እዚህ ላይ ፓምፕ ፈሳሹን በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል ያዞረዋል። ስንቆም ነፋሱን የሚተካው ቬንቲሌተሩ ነው። የባልደረባዬ ሞተር በክፍት መንገድ ሙቀቷ የተስተካከለ ነበር፤ የሚጨምረው በመጨናነቅ ብቻ ነው። ይህ ምልክት በቅድሚያ ወደ ቬንቲሌተሩ ያመለክታል። በክፍት መንገድም ቢግል ኖሮ የፈሳሽ ማነስን፣ የተደፈነ ራዲያተርን፣ የማይከፈት ቴርሞስታትን ወይም ፓምፑን በጠረጠርን ነበር።

ሞተሩ ከበረደ በኋላ የፈሳሹን መጠን በመጠባበቂያ ዕቃው ላይ አየን፤ በሁለቱ መስመሮች መካከል ነበር። ሞተሩ ሲነሣና ቀዩ መብራት እንደገና ሲበራ ግን ቬንቲሌተሩ አልዞረም። ፊውዙ ደኅና ነው። ቬንቲሌተሩን በቀጥታ ከባትሪ ጋር ስናገናኘው ዞረ፤ እንግዲህ እርሱም ደኅና ነው። ጉድለቱ የተገኘው በመካከል ባለው የሽቦ መገናኛ ላይ ነበር፤ በጭቃ ዝጎ ነበር። ተጠርጎ ሲገጠም ሥራውን ጀመረ።

ጋራዥ ሲደርስ ግን ሁለተኛ ጥፋት ተገኘ። በኩላንት ፈንታ ተራ ውኃ ተሞልቷል፤ የራዲያተሩ ክዳን ጎማም ተሰንጥቋል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ክፍት ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ብዙ ቬንቲሌተሮች የሚነሡት ደግሞ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ደኅና ክዳን ፈሳሹን በግፊት ይዞ ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ያቆየዋል። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ግን ውኃው ቬንቲሌተሩ ገና ሳይነሣ ይፈላል። ስለዚህ ሽቦውን ብቻ ጠግኖ መሄድ በቂ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። የጋለ ራዲያተር ክዳን ፈጽሞ አይከፈትም። ግፊቱ ሲለቀቅ ፈሳሹ በቅጽበት ፈልቶ ፊትና እጅን ያቃጥላል። የላይኛው ጎማ ቱቦ በእጅ ሊያዝ እስኪችል ድረስ መጠበቅ ግድ ነው።

መንገድ ላይ ስንሆን

በአየር የሚቀዘቅዘው ሞተር ቆመን ከአንድ ደቂቃ በላይ የምንጠብቅ ከሆነ ማጥፋቱ ይበጃል። በፈሳሽ የሚቀዘቅዘው ግን ቬንቲሌተሩ እየዞረ ከሆነና ሙቀቱ ካልጨመረ ሳያጠፉ መጠበቅ ይቻላል፤ ፓምፑ የሚዞረው በሞተሩ ነውና። ቬንቲሌተሩ ዝም ካለ ወይም ቀዩ መብራት ከበራ ግን ዳር ይዞ ወዲያውኑ ማጥፋት ነው። እንግዲህ ቅደም ተከተሉ አጭር ነው፦ ክንፍ ያለው ሞተር ሲግል መጀመሪያ ዘይት፣ ራዲያተር ያለው ሲግል መጀመሪያ የፈሳሹ መጠን፣ ቀጥሎም ቬንቲሌተሩ ይታያል።