የትርፍ ጊዜ ሥራ ላለው ተማሪ የሳምንት የጥናት ሰሌዳ አዘረጋግ፦ የሰንጠረዡ ቅርጽ የሚያሳየውና የሚሰውረው

የትምህርት ክፍሎች በየሴሚስተሩ መጀመሪያ የሚለጥፉት የትምህርት መርሐ ግብር አብዛኛውን ጊዜ ዕለታቱን በግራ በኩል ወደ ታች፣ ክፍለ ጊዜያቱን ከላይ ወደ ጎን የሚደረድር ሰንጠረዥ ነው። ይህ አዘረጋግ የመማሪያ ክፍልና መምህር ለመደልደል የተመቸ ሲሆን፣ ተማሪው ግን ያንኑ ቅርጽ ገልብጦ የግል የጥናት ሰሌዳው ሲያደርገው ችግር ይከተላል። በሰንጠረዡ ውስጥ ዓምድ ያላቸው የንግግር ክፍለ ጊዜያት ብቻ በመሆናቸው መንገድ፣ ምግብና የማታ ሥራ የሚጻፉበት ሳጥን አያገኙም። ሳጥን ያላገኘ ነገር ደግሞ በድምር ጊዜ አይቆጠርም። ይህ ጽሑፍ በአንድ ተማሪ ሰሌዳ ላይ የታየውን የዚህ ዓይነት ስሕተትና የታረመበትን መንገድ ያቀርባል።

ተማሪው በአዲስ አበባ የሚማር የሦስተኛ ዓመት የስታትስቲክስ ተማሪ ሲሆን በዶርም ይኖራል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከቀኑ 11:30 እስከ ምሽቱ 1:30፣ ቅዳሜ ደግሞ ከጠዋቱ 3:00 እስከ 6:00 በሰው ቤት ሒሳብ ያስጠናል። ቤቶቹ በታክሲ 45 ደቂቃ ያህል ይርቃሉ። ሰሌዳውን ይዞ ወደ እኔ የመጣው ሥራውን ይተው ወይስ አንድ ኮርስ ያቋርጥ የሚለውን መወሰን አቅቶት ነበር። በወረቀቱ ላይ በሳምንት 30 ሰዓት የግል ጥናት ተጽፏል፤ ይሁን እንጂ ከዚህ ውስጥ አብዛኛውን የምሽት ክፍል ፈጽሞ አያውቅም። ጥፋቱን የሰጠው ለስንፍናው ነበር።

የ30 ሰዓቱ ግብ ራሱ ያለ ምክንያት የተጻፈ አልነበረም። ኮርሶቹ በአውሮፓ የክሬዲት ማስተላለፊያ ሥርዓት የሚቆጠሩ ሲሆን፣ በዚህ ሥርዓት አንድ ነጥብ ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚደርስ የተማሪ ሥራን ይወክላል። 27 ሰዓትን ብንወስድ የሴሚስተሩ 30 ነጥብ 810 ሰዓት ይሆናል፤ ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ወደ 50 ሰዓት ይጠጋል። ከዚህ ላይ 20 ሰዓት የንግግርና የቤተ ሙከራ ሲቀነስ 30 ይቀራል። ስለዚህ ሊመረመር የሚገባው ግቡ ሳይሆን 30ው ሰዓት የተቀመጠበት ቦታ ነበር።

ሰንጠረዡን እንደገና ስንዘረጋ ዕለታቱን ወደ ላይኛው ረድፍ አወጣናቸው፤ ሰዓቱን ከንጋቱ 12:00 እስከ ምሽቱ 4:00 በግራው ዓምድ ወደ ታች ዘረጋነው። እያንዳንዱ ረድፍ ግማሽ ሰዓት ሲሆን ሁሉም እኩል ቁመት አላቸው። ይህም በገጹ ላይ የሚታየው ስፋት ከጊዜው ርዝመት ጋር እንዲመጣጠን ያደርጋል፤ የሁለት ሰዓት ንግግር ከአንድ ሰዓት መንገድ እጥፍ ሆኖ ይታያል። አሥራ ስድስቱ ሰዓት 32 ረድፍ ይወጣዋል። ኤ4 ወረቀት በቁመት ሲያዝ በየዳሩ 15 ሚሊ ሜትር ተትቶ፣ የርእሱ ረድፍ ሲጨመር፣ ለያንዳንዱ ረድፍ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ይደርሰዋል፤ በእስክሪብቶ ለመጻፍ ይበቃል። ወረቀቱ በአግድም ቢያዝ ከ5 ሚሊ ሜትር ተኩል ያነሰ ይሆናል። የሩብ ሰዓት ረድፍም ሞክረን በቁመት እንኳ ከ4 ሚሊ ሜትር ብዙ ስለማያልፍ ትተነዋል።

መንገዱ 45 ደቂቃ ቢሆንም ሁለት ሙሉ ረድፍ፣ ማለትም አንድ ሰዓት፣ ተሰጠው። በሥራ መውጫ ሰዓት የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ለትርፉ 15 ደቂቃ ማብራሪያ አይጠይቅም። የሰኞ ከሰዓት በኋላና ምሽት በሁለቱ ሰሌዳዎች ላይ ሲነጻጸር የሚከተለውን ይመስላል።

| ሰዓት | የመጀመሪያው ሰሌዳ | የታረመው ሰሌዳ |
|---|---|---|
| 10:30–11:30 | (ባዶ) | መንገድ |
| 11:30–1:30 | ማስጠናት | ማስጠናት |
| 1:30–2:30 | ጥናት | መንገድ |
| 2:30–3:00 | ጥናት | እራት |
| 3:00–4:00 | ጥናት | የነገውን ምንባብ ማየት |

በየምሽቱ ከተጻፈው ሁለት ሰዓት ተኩል ጥናት እውነተኛው አንድ ሰዓት ብቻ ነበር። በሦስቱ ምሽቶች 4 ሰዓት ተኩል ይጎድላል። ቅዳሜ ከ6:00 እስከ 8:00 ከተጻፈው ጥናት ላይም መንገዱና ምሳው 1 ሰዓት ተኩል ይወስዳሉ። ስለዚህ 30 የተባለው ከመጀመሪያውም 24 ነበር።

ቀጥሎ የታየው የክለሳ ቦታ ነው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ካሳተመው ሥራ ጀምሮ እንደሚታወቀው መርሳት ፈጣን የሚሆነው ከትምህርቱ በኋላ ባለው አጭር ጊዜ ውስጥ ነው፤ ተከፋፍሎ የሚደረግ ክለሳም በአንድ ጊዜ ከሚደረገው ይልቅ ይጸናል። ተማሪው ሰኞ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 4:30 የሪግረሽን ትምህርት አለው፤ እስከ 8:00 ሌላ ንግግር የለውም። በመጀመሪያው ሰሌዳ ይህ ክፍተት «ክፍት» ተብሎ ሲታለፍ ክለሳው ለምሽቱ ተትቶ ነበር። በታረመው ሰሌዳ ከ4:30 እስከ 6:30 በቤተ መጻሕፍት የሚደረግ ክለሳ ሆነ፤ ሁለት ሰዓትም ተጨመረ። በሳጥኑ ውስጥ «ጥናት» የሚለው ቃል ብቻውን እንዳይጻፍ ተስማማን፤ ለምሳሌ «ሪግረሽን፣ የዛሬው ማስታወሻ፤ ያለፈው ሳምንት ጥያቄዎች» ይላል። ይህ አጻጻፍ የሰንጠረዡን አንድ ጉድለትም ይሸፍናል። የሳምንት ሰሌዳ በየሰባት ቀኑ ራሱን ስለሚደግም ከሳምንት የሚበልጥ የክለሳ ርቀትን በቅርጹ ሊያሳይ አይችልም፤ «ያለፈው ሳምንት» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው የሚያሳየው።

ሳጥኖቹን በቀለም መለየት የተለመደ ቢሆንም ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ቀለሙ ይጠፋል። ስለዚህ ሊነካ የማይችለው ንግግር ሙሉ ግራጫ፣ ሥራና መንገድ ሰያፍ መስመር፣ ጥናት ደግሞ ነጭ ሆኑ። ሰዓቱም በሙሉ በአገራችን አቆጣጠር ተጻፈ። በኮምፒዩተር የሚላክ የቤት ሥራ ማብቂያ 23:59 ሲል ምሽት 5:59 ማለት ነው፤ ሁለቱን አቆጣጠር በአንድ ሰንጠረዥ የቀላቀለ ተማሪ የስድስት ሰዓት ስሕተት ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ሰያፍ መስመሩ በገጹ ላይ ጎልቶ ሲታይ ተማሪው ራሱ ያስተዋለው ነገር አለ። የዓርብና የቅዳሜ ቤቶች በአንድ ሰፈር ናቸው። የዓርቡን ቤተሰብ አነጋግሮ ማስጠናቱን ወደ ቅዳሜ ከ7:00 እስከ 9:00 አዛወረው። ደመወዙ ሳይቀንስ አንድ ደርሶ መልስ ቀረ። ዓርብ ምሽት ከአንድ ሰዓት ወደ አራት ሰዓት ጥናት አደገ፤ ቅዳሜ በአንጻሩ የቀረችው ግማሽ ሰዓት ጠፋች። ከሰኞው ክፍተት ጋር ድምሩ 28 ሰዓት ተኩል ደረሰ።

እሑድ ከ8:00 እስከ 11:00 ያለው ጊዜ ሆን ተብሎ ባዶ ቀርቷል፤ በድምሩም አልገባም። ዳንኤል ካነማንና ኤሞስ ትቨርስኪ በ1979 የዕቅድ ስሕተት ብለው የሰየሙት፣ ሰዎች ሥራቸው የሚወስደውን ጊዜ አሳንሰው የመገመት ዝንባሌ፣ እዚህም ይሠራል። በሳምንቱ ያልተፈጸመ ጥናት ወደዚህ ሳጥን ይዛወራል። ሰሌዳው በየሳምንቱ ታትሞ የተፈጸመው ሳጥን ምልክት ይደረግበታል። የተዛወረው ሥራ ለሦስት ተከታታይ ሳምንታት ከሦስት ሰዓት ከበለጠ ሰሌዳው የተሳሳተ ነው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሥራ ወይም ኮርስ መቀነስ ይመረመራል። ሁልጊዜ በአንድ ዕለት አንድ ሰዓት ላይ የሚጎድል ሳጥን ካለ ደግሞ ስሕተቱ በዚያ ሳጥን አቀማመጥ ነው።

ከ30ው ግብ የጎደለው 1 ሰዓት ተኩል በየትኛውም አዘረጋግ አልተገኘም። ተማሪው ኮርሱን አላቋረጠም፤ ይልቁንም በአጋማሽ ፈተና ሁለት ሳምንታት የረቡዕን ማስጠናት ለማቋረጥ ከቤተሰቡ ጋር አስቀድሞ ተስማማ። ለእነዚያ ሁለት ሳምንታት የረቡዕ ሰያፍ መስመር የሌለበት ሌላ ሰሌዳ አዘጋጅተናል።