ስምንት ልብስ፣ 15 አለባበስ

ቁም ሳጥኑ ሞልቶ «ዛሬ ምን ልልበስ?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ቅሬታው ቅንጦት ይመስላል እንጂ እውነት አለው። ልብሶቹ አንድ በአንድ ሲታዩ ያማሩ ናቸው፤ ችግሩ እርስ በርስ አለመስማማታቸው ነው። ሸሚዙ አምሮን፣ ሱሪው ዋጋው ቀንሶ፣ ጉርዱ በስጦታ መጥቶ ገባ። ሲገዛ አብሮት ምን እንደሚለበስ ያሰበ አልነበረም።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። በአንድ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ሥራ የጀመረች ወጣት አለች እንበል። ከወገብ በታች የምትለብሳቸው አራት ናቸው፦ ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ፣ ባለ አበባ ጉርድና አረንጓዴ ዳማ ጉርድ። ሸሚዞቿ ስድስት ናቸው፦ ነጭ፣ ውሃ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴና ቢጫ ባለ መስመር። አራቱ በስድስቱ ሲባዙ 24 ዓይነት አለባበስ ይወጣቸዋል። ይህ ግን በወረቀት ላይ ነው።

መስታወት ፊት ቆማ ስትሞክራቸው ነጩ ሸሚዝ ከአራቱም ጋር ይሄዳል። ውሃ ሰማያዊውና ወይን ጠጁ ከሁለቱ ሱሪዎች ጋር ብቻ ይስማማሉ። ብርቱካናማውና አረንጓዴው ጥቁር ሱሪ ካልሆነ አይሆኑም። ቢጫው ደግሞ ከጥቁር ሰማያዊው ሱሪ በቀር አጣማሪ የለውም። ሲደመር 11 ብቻ ሆነ። ከ11ዱ ውስጥ ስምንቱ ወይ ነጩ ሸሚዝ ወይ ጥቁሩ ሱሪ ያለባቸው ናቸው። ሁለቱ ልብሶች ከታጠቡና ገመድ ላይ ከተሰጡ፣ የቀረው ቁም ሳጥን ሦስት አለባበስ ብቻ ይሰጣታል። «የምለብሰው የለኝም» ያለችው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ሁሉንም ጥሎ አዲስ መግዛት አይደለም። መጀመሪያ የቱ ልብስ ብዙ ሥራ እንደሚሠራ መለየት ነው። እሷ ዘንድ ከታች ሁለቱ ሱሪዎች፣ ከላይ ነጩ፣ ውሃ ሰማያዊውና ወይን ጠጁ ራሳቸውን አስመስክረዋል። እነዚህ ይቆያሉ። ሁለቱ ጉርዶችና ሦስቱ ሸሚዞች ለቅዳሜና እሁድ ይዛወራሉ። በጉርዶቹ ፋንታ አንድ ፈካ ያለ ግራጫ ጉርድ፣ በሸሚዞቹ ፋንታ አንድ ክሬምና አንድ ነጭ ላይ ቀጭን ጥቁር ሰማያዊ መስመር ያለበት ሸሚዝ ይገዛል። አሁን አምስት ሸሚዝና ሦስት ከታች የሚለበስ አላት። ሁሉም ከሁሉም ስለሚሄድ 15 አለባበስ ይወጣል። ልብሱ ከአሥር ወደ ስምንት ወርዶ አለባበሱ ጨመረ፤ የተገዛውም ሦስት ብቻ ነው።

እዚህ ውስጥ ያለው ሥርዓት ቀላል ነው። ከታች የሚለበሱት ጸጥ ያሉ ጠንካራ ቀለሞች ናቸው፦ ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ግራጫ። ከላይ የሚለበሱት በአብዛኛው ፈካ ያሉ ናቸው። ጎላ ብሎ የሚታይ ቀለም አንድ ብቻ ነው፤ እሷ ዘንድ ወይን ጠጁ። መስመር ወይም ዳማ ያለበት ልብስ ሲጨመር መስመሩ ከተመረጡት ቀለሞች አንዱ መሆን አለበት። አምስት ሸሚዝ የተባለውም በምክንያት ነው፦ ልብስ የሚታጠበው ቅዳሜ ከሆነ ሸሚዝ ለአምስት የሥራ ቀን መድረስ አለበት። ሱሪና ጉርድ ግን ሳይታጠቡ ሁለት ሦስት ቀን ስለሚለበሱ ሦስት ይበቃሉ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው አንድ ሁለት ሸሚዝ ቢጨምር ይሻለዋል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊቷ ዲዛይነር ዶና ካረን እ.ኤ.አ. በ1985 በስሟ ያቀረበችው የመጀመሪያ ስብስብ «ሰባት ቀላል ልብሶች» በሚል ይታወቃል፤ ሥራ ላይ ለምትውል ሴት እየተቀያየሩ የሚለበሱ ጥቂት ልብሶች ነበሩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኮት ሲገዛ ነው። «ጥቁር ሱሪ ስላለኝ ጥቁር ኮት ልግዛ» ይላል። ሁለቱ ግን ከአንድ ጣቃ ካልተቆረጡ ጥቁርነታቸው አንድ አይሆንም፤ አንዱ ወደ ሰማያዊ፣ ሌላው ወደ ቡኒ ያደላል። ሙሉ ልብስ ለመምሰል ሞክሮ ያልተሳካ ይሆናል። ስለዚህ ኮትና ሱሪ ወይ አብረው የተሰፉ ይሁኑ፣ ወይ ልዩነታቸው ከሩቅ የሚታይ ይሁን። ለዚህች ወጣት የሚሻላት ጠቆር ያለ ግራጫ ኮት ነው፤ ከጥቁሩም ከሰማያዊውም ሱሪ ይለያል፣ ከፈካው ጉርድ ጋርም አይምታታም። የአዲስ አበባ ጠዋት ስለሚበርድ አንድ ክሬም ሹራብ ብትጨምር ስብስቡ ይሞላል። ጫማና ቀበቶ ደግሞ አንድ ቀለም፣ ጥቁር ይሁኑ። ጥቁር ቆዳ ጫማ የክረምት ጭቃ ቢነካው ሊስትሮ ፊት አምስት ደቂቃ ቁጭ ብሎ መመለስ ይቻላል።

ቀለም ሲመርጡ ሱቅ ውስጥ ያለውን መብራት አይመኑት። ሁለት ጨርቆች በአንድ መብራት አንድ ዓይነት መስለው ፀሐይ ላይ ሲወጡ የሚለያዩበት ጊዜ አለ፤ የተነከሩባቸው ቀለማት የተለያዩ ከሆኑ ብርሃኑ ሲቀየር መልካቸውም ይቀየራል። ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ በአምፖል ጥቁር መስሎ የሚሸጠውም ለዚህ ነው። መርካቶም ይሁን ሰልባጅ ተራ፣ ልብሱን ይዘው ወደ በሩ ብርሃን ይውጡ። የሚያጣምሩትን ልብስ ለብሰው ቢሄዱ ደግሞ ጎን ለጎን ያያሉ። ነጭና ክሬም ለመለየትም ነጭ ወረቀት አጠገቡ ማድረግ በቂ ነው።

የተስማማው ስብስብ ከጊዜ በኋላ የሚፈርሰው በእጥበትና በፀሐይ ነው። ጥቁር ጥጥ በየሳምንቱ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ወደ ቡኒ ይነጣል፤ ኮትና ሱሪ አንድ ላይ ተሰፍተው ሱሪው ብቻ ቶሎ ቶሎ ከታጠበ በዓመቱ ሁለት ቀለም ይሆናሉ። መልቀቁን ለማወቅ የሱሪውን የታችኛውን እጥፋት ወደ ውጭ ገልበጥ ማድረግ ነው። እጥፋቱ ውስጥ የተደበቀው ጨርቅ የመጀመሪያውን ቀለም ይዞ ይቆያል፤ ከውጭው ጋር በግልጽ ከተለያየ ልብሱ ነጥቷል ማለት ነው። እንዲቆይ ከፈለጉ ገልብጠው በቀዝቃዛ ውሃ ያጥቡት፣ ጥላ ላይ ያስጡት፣ የአንድ ስብስብ የሆኑትን አንድ ላይ ይጠቡ።

ይህ ዘዴ ለሁሉም አይሆንም። የደንብ ልብስ ለሚለብስ ወይም ሥራው ሜዳ ላይ ለሆነ ሰው ብዙም አይጠቅመውም። ቢሮ ለሚውል ግን፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የሚቀጥለውን ልብስ ከመግዛቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይበቃዋል፦ ቤት ካሉኝ ከስንቶቹ ጋር ይሄዳል? ሸሚዝ ከሆነ ካሉዎት ሱሪና ጉርዶች ከሁሉም ጋር፣ ሱሪ ከሆነም ከሸሚዞቹ ሁሉ ጋር መሄድ አለበት። ካልሄደ ቢያምርም፣ ቢረክስም ይተዉት።