ባለቤቱ ቤቱን ለቤተሰቡ ሲፈልገው

በካናዳ ኦንታሪዮ፣ ወር በወር ያከራየውን ቤት ለቤተሰብ መኖሪያ የሚፈልግ ባለቤት ኤን 12 በተባለው ቅጽ ቢያንስ የ60 ቀን ማስታወቂያ ይሰጣል። መልቀቂያው የግድ የኪራዩ ወር የሚያልቅበት ቀን መሆን አለበት፤ ስህተት የሚበዛውም እዚህ ላይ ነው። በየወሩ 1ኛው ቀን ኪራይ የሚከፍል ሰው ቅጹ ማርች 10 በእጁ ቢደርሰው፣ 60 ቀኑ ሜይ 9 ይሞላል፤ መልቀቂያው ግን ሜይ 31 ነው። ቅጹ ላይ ሜይ 9 ከተጻፈ ማስታወቂያው አይጸናም። ኪራዩ 2,000 ዶላር ከሆነ፣ በ60 ቀን የሚያስለቅቀው ባለቤት እስከ ሜይ 31 ድረስ ይህንኑ ያህል ካሳ ይከፍላል።

ለመግባት የሚችሉት ባለቤቱ፣ የትዳር ጓደኛው፣ የሁለቱ ልጆችና ወላጆች፣ እንዲሁም እነዚህን የሚንከባከብ ሰው ናቸው። ወንድምና እህት፣ በሐበሻ ቤት የቅርብ ሥጋ ቢሆኑም፣ አይቆጠሩም። የሚገባውም ሰው ቢያንስ አንድ ዓመት ለመኖር ከልቡ ያሰበ መሆን ይኖርበታል።

ቅጹ ደርሶት በድንጋጤ ዕቃውን የሚጭን ተከራይ አንድ ነገር ሊያውቅ ይገባል፤ ወረቀቱ የማስለቀቂያ ትእዛዝ አይደለም። ካልተስማማ የሚወስነው የአከራይና ተከራይ ቦርድ ነው፤ ባለቤቱ ቁልፍ መቀየር አይችልም። ከወጣ በኋላ ቤቱ ለኪራይ ሲተዋወቅ ካየ፣ ማስታወቂያውን ፎቶ አንስቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ለቦርዱ ማመልከት ይችላል።