ሁለት ሮቶ፣ አንድ ቀመር

100 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በጨዋማ ውኃ ተሞልቷል እንበል። ከላይ በሰዓት 200 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይገባል፣ ከታችም ያንኑ ያህል ይወጣል። ጨው እየታጠበ መሄዱ አይቀርም፤ የሚሄድበት ፍጥነት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ውኃ ብዙ ጨው ይዞ ይወጣል፣ ሮቶው ውስጥ ያለው እየቀጠነ ሲሄድ ደግሞ የሚወስደውም ያንሳል። በሒሳብ ሲጻፍ x′ = −2x ነው፦ የጨው የለውጥ ፍጥነት በዚያች ቅጽበት ያለው ጨው በ−2 ሲባዛ። መልሱም x = e^(−2t)·x₀ ነው። t በሰዓት የሚለካ ጊዜ፣ x₀ መጀመሪያ የነበረው ጨው፣ e ደግሞ 2.718 ገደማ የሆነው ታዋቂ ቁጥር ነው።

አሁን ሁለተኛ ሮቶ እንጨምር፤ እሱም 100 ሊትር ይይዛል። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው በሰዓት 200 ሊትር ይፈሳል። ከሁለተኛው 100 ሊትር በፓምፕ ወደ አንደኛው ይመለሳል፣ 200 ሊትር ደግሞ ወደ ውጭ ይወጣል። መጠኑ እንዳይዛባ ለእያንዳንዱ ሮቶ በሰዓት 100 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይጨመራል። በአንደኛው ያለውን ጨው x፣ በሁለተኛው ያለውን y ብንል፦

```
x′ = −2x +  y
y′ =  2x − 3y
```

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። x ን ለማወቅ y ያስፈልጋል፣ y ን ለማወቅ ደግሞ x። አንዱን ለብቻው ነጥሎ መፍታት አይቻልም። አራቱን ቁጥሮች ግን በአንድ ማትሪክስ ሰብስበን A ብንለው፣ ሁለቱ መስመሮች ወደ አንድ ይጠቃለላሉ፦ u′ = Au። u ማለት x እና y አንድ ላይ ናቸው። አጻጻፉ ከአንዱ ሮቶ እኩልዮሽ ጋር አንድ ስለሆነ፣ መልሱም u = e^(At)·u₀ ይሆን ይሆናል ብሎ መገመት ተገቢ ነው። ግምቱም ትክክል ነው። የሚቀረው ጥያቄ አራት ቁጥር የያዘ ሰንጠረዥ እንዴት የ e አርቢ ሊሆን ይችላል የሚለው ነው።

መልሱ ከተከታታይ ድምር ይገኛል። ተራው e^a የ1 + a + a²/2 + a³/6 … ድምር ነው። በዚህ ውስጥ ያሉት መደመርና ማባዛት ብቻ ናቸው፣ ሁለቱንም በማትሪክስ መሥራት ይቻላል። ስለዚህ በ1 ፋንታ ከግራ ላይ ወደ ቀኝ ታች በሚወርደው ሰያፍ 1፣ በቀረው 0 ያለበትን ማትሪክስ I ን እናስገባለን፦

```
e^(At) = I + At + (At)²/2 + (At)³/6 + …
```

ድምሩ ለማንኛውም A መቋጫ አለው። የእያንዳንዱን አባል የለውጥ ፍጥነት ብናወጣም ያው ድምር በA ተባዝቶ ይመለሳል፤ እኩልዮሹ የጠየቀውም ይህንኑ ነው። ጣሊያናዊው ጁሴፔ ፔያኖ በ1888 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ እንዲህ ዓይነት እኩልዮሾችን በተከታታይ ድምር ፈትቷል።

በእጅ ሲሠራ ግን ማንም ሰው ድምሩን እስከ መጨረሻው አይደምርም። አቋራጩ፣ A ሲባዛበት ቅርጹን የማይለውጥ የጨው ድልድል መፈለግ ነው። በሁለቱም ሮቶ 1 ኪሎ ግራም ጨው ቢኖር፣ የመጀመሪያው መስመር −2 + 1 = −1፣ ሁለተኛው 2 − 3 = −1 ይሰጣል። ሁለቱም እኩል በእኩል ይቀንሳሉ፤ እኩል የጀመሩ ሮቶዎች እስከ መጨረሻው እኩል ሆነው ይዘልቃሉ ማለት ነው። ማባዣው −1 አይገንቫልዩ ይባላል። ሌላው ድልድል (1, −2) ነው፤ በA ሲባዛ (−4, 8) ይሆናል፣ ማለትም ራሱ በ−4 ተባዝቶ። ከዜሮ በታች የሆነ ጨው የለምና ይህኛው ብቻውን ሊታይ አይችልም፤ በሁለቱ ሮቶዎች መካከል ያለውን ልዩነት ለመግለጽ ግን ያስፈልገናል።

እንግዲህ በአንደኛው ሮቶ 3 ኪሎ ግራም ጨው ይዘን፣ ሁለተኛውን ከጨው ነጻ አድርገን እንጀምር። (3, 0) ማለት 2 ጊዜ (1, 1) እና 1 ጊዜ (1, −2) ሲደመሩ ነው። የመጀመሪያው ክፍል በe^(−t)፣ ሁለተኛው በe^(−4t) ይቀንሳል፦

```
x = 2e^(−t) +  e^(−4t)
y = 2e^(−t) − 2e^(−4t)
```

ከግማሽ ሰዓት በኋላ በአንደኛው 1.348፣ በሁለተኛው 0.942 ኪሎ ግራም ይቀራል። ከአንድ ሰዓት በኋላ 0.754 እና 0.699 ይሆናሉ። ሁለተኛው ሮቶ ከዜሮ ተነሥቶ በ28 ደቂቃ ገደማ ከፍተኛው መጠን ላይ ይደርስና መቀነስ ይጀምራል። በ−4 የሚሄደው ክፍል ቶሎ ጠፍቶ ሁለቱን ያስተካክላል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው በ−1 የሚደረግ ዘገምተኛ መታጠብ ነው።

ለማንኛውም አጀማመር የሚሠራው ሙሉው ማትሪክስ ደግሞ ይህ ነው፦

```
e^(At) = 1/3 · [ 2e^(−t) +  e^(−4t)    e^(−t) −  e^(−4t) ]
               [ 2e^(−t) − 2e^(−4t)    e^(−t) + 2e^(−4t) ]
```

ዓምድ በዓምድ ሲነበብ ትርጉሙ ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ዓምድ በአንደኛው ሮቶ የገባ 1 ኪሎ ጨው የት እንደሚደርስ ይናገራል፣ ሁለተኛው ዓምድ በሁለተኛው የገባውን። ለቁጥጥር t ን 0 አድርጉት፤ I መውጣት አለበት፣ ይወጣልም።

ይህ ቁጥጥር በኮምፒውተር ለሚሠራ ሰው ይበልጥ ያስፈልገዋል። በፓይተን np.exp የሚባለው ትእዛዝ እያንዳንዱን ቁጥር ለየብቻው የe አርቢ ያደርጋል እንጂ የማትሪክሱን ኤክስፖኔንሻል አያወጣም። በt = 0 አራቱንም ቦታ 1 ይሞላል፤ በዚያ ሒሳብ ሁለተኛው ሮቶ ገና ከመጀመሪያው ከየት እንደመጣ የማይታወቅ 3 ኪሎ ጨው ይኖረዋል። ትክክለኛው ትእዛዝ expm ነው፦

```python
import numpy as np
from scipy.linalg import expm
A = np.array([[-2, 1], [2, -3]])
print(expm(0.5 * A) @ [3, 0])
```

ሁለቱ አይገንቫልዩዎች አንድ ዓይነት ሲሆኑ ግን አቋራጩ ሊከሽፍ ይችላል። የመልሱን ቧንቧና ወደ ሁለተኛው የሚገባውን ንጹሕ ውኃ ዝጉ፣ ወደ አንደኛው የሚገባውን 200 ሊትር አድርጉ። አሁን x′ = −2x፣ y′ = 2x − 2y ነው። −2 ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ቅርጹን የማይለውጠው ድልድል ግን (0, 1) ብቻ ነው፤ ከእሱ ብቻ (3, 0)ን መሥራት አይቻልም። እዚህ ላይ ተከታታይ ድምሩ ይታደገናል። A ን −2I እና N ብለን እንክፈለው። N በታችኛው ግራ 2፣ በቀረው ቦታ 0 ያለበት ነው፤ በራሱ ሲባዛ ዜሮ ስለሚሆን የእሱ ድምር ሁለት አባል ላይ ያበቃል፦

```
e^(At) = e^(−2t) · (I + tN)
y = 6t·e^(−2t)
```

ከe ፊት የተገኘችው t የዚህ ሁኔታ ምልክት ናት። ቁጥሮቹ እኩል ሳይሆኑ እኩል ሊሆኑ ጥቂት ሲቀራቸው ደግሞ ኮምፒውተሩ ይቸገራል፤ የሚቀራረቡ ቁጥሮችን ቀንሶ በጣም ለትንሽ ልዩነት ሲያካፍል ትክክለኛ አሃዞች ይጠፋሉ። ክሊቭ ሞለርና ቻርልስ ቫን ሎን በ1978 እ.ኤ.አ. ማትሪክስ ኤክስፖኔንሻልን ለማስላት አሥራ ዘጠኝ መንገዶችን ዘርዝረው፣ በርዕሳቸው ሁሉንም «አጠራጣሪ» ብለዋቸዋል። አንባቢ ፈገግ ቢልም ጸሐፊዎቹ የምራቸውን ነበር።

ይህ ሁሉ የሚሠራው የA ቁጥሮች በጊዜ የማይለዋወጡ ሲሆኑ ነው። ፓምፑ አንዴ እየበረታ አንዴ እየደከመ የሚሄድ ከሆነ e^(At) መልስ መሆኑ ይቀራል። ያን ጊዜ ባለሙያዎች ጊዜውን በአጫጭር ክፍል ይቆርጡና በየክፍሉ A እንደማይለወጥ ቆጥረው ኤክስፖኔንሻሎቹን በቅደም ተከተል ያባዛሉ። ቅደም ተከተሉን ማዛወር ግን አይቻልም፤ ሁለት ማትሪክሶች ቦታ ሲለዋወጡ ብዜታቸው አብዛኛውን ጊዜ ይለያያል።