የሳይት ተለማማጅ የመጀመሪያ ሳምንት

የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ለኢንተርንሺፕ ሲወጣ አራት ወር ገደማ ሕንፃ በሚሠራበት ቦታ ይቆያል። ከዩኒቨርሲቲው ይዞት በሚሄደው ቅጽ ላይ “የመማር ግብ” የሚል ክፍት ቦታ ካለ፣ ብዙ ጊዜ የሚሞላው “የተግባር ዕውቀት ለማግኘት” በሚል ነው። ሳይት ኢንጂነሩ ያነበዋል፤ ይፈርማል። ከዚያ ዓረፍተ ነገር ግን ተማሪውን ነገ ጠዋት የት እንደሚያቆመው ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ተማሪው ሰው በጎደለበት ቦታ ሁሉ መሙያ ይሆናል፤ ፎቶ ኮፒ ያመላልሳል፣ የገባ ሲሚንቶ ይቆጥራል።

ግብ ከመጻፉ በፊት መታየት ያለበት የሳይቱ የሥራ መርሐ ግብር ነው። ሕንፃው ልስን ላይ ከደረሰ፣ የመሠረት ሥራ የመማር ምኞት የቱንም ያህል ቢያምር እዚያ አይሳካም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ስዕሎቹን ለማንበብ፣ ሳይቱን ለመዞርና በመጪዎቹ ወራት ምን እንደሚሠራ ለመጠየቅ ይዋሉ። ቀኖችንም ማስላት ያስፈልጋል። አርማታ ሲሞላ የሚወሰደው የኩብ ናሙና ውኃ ውስጥ ተቀምጦ የሚሰበረው በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ነው። የሶሌታው ሙሌት በ15ኛው ሳምንት ከሆነ፣ የ28ኛው ቀን ውጤት የሚመጣው ተማሪው ከሄደ በኋላ ነው። እንግዲህ “የአርማታን ጥንካሬ ከናሙና እስከ ውጤት መከታተል” የሚል ግብ ያለው ተማሪ ቀደም ብሎ የሚሞላ ኮለን መፈለግ ወይም በ7ኛው ቀን ውጤት መወሰን አለበት።

አንድ ግብ እንዴት እንደሚጠራ በምሳሌ እንየው። ተማሪዋ የመጀመሪያው ሳምንት ሐሙስ ላይ “የሁለተኛውን ፎቅ ሶሌታ የፌሮ ዝርዝር ከስዕል ማውጣት” ብላ ጽፋለች እንበል። ከ“የተግባር ዕውቀት” እጅግ ይሻላል፤ ሥራውም ቦታውም ታውቋል። የጎደለው ነገር የሚወጣው ከኢንጂነሩ ጋር ሲነጋገሩ ነው። ስዕሉ ባለ 12 ሚሊ ሜትር፣ እያንዳንዱ 4.2 ሜትር የሚረዝም 60 ቁራጭ ይጠይቃል። ተማሪዋ ጠቅላላውን 252 ሜትር ለ12 ታካፍላለች፤ ፌሮ የሚገዛው በ12 ሜትር ርዝመት ነውና 21 ፌሮ ይበቃል ትላለች።

“ከአንዱ ፌሮ ስንት ቁራጭ ይወጣል?” ይላታል ኢንጂነሩ።

ሁለት ብቻ። 3.6 ሜትር ይተርፋል፤ 60 ቁራጭ ለማግኘትም 30 ፌሮ ያስፈልጋል። ትራፊው በድምሩ 108 ሜትር ነው። የፌሮ ውፍረት በሚሊ ሜትር በራሱ ተባዝቶ ለ162 ሲካፈል የአንድ ሜትሩን ክብደት በኪሎ ስለሚሰጥ፣ 96 ኪሎ ያህል ብረት ማለት ነው። ግቡም በዚያው ይለወጣል፦ “ዝርዝሩን ከነአቆራረጡ አወጣለሁ፤ ትራፊው ሌላ የት እንደሚገባ አሳያለሁ፤ ብረቱ ከመቆረጡ ከአንድ ሳምንት በፊት ለኢንጂነሩ አስረክባለሁ፤ ኢንጂነሩም ከራሱ ዝርዝር ጋር ያስተያየዋል።” አሁን ሥራው፣ ቀኑና መመዘኛው ታውቋል።

እንዲህ ያለውን ግብ ኢንጂነሩ በደስታ የሚቀበለው ለእሱም ስለሚጠቅመው ነው። ሁለተኛ ሰው ያሰላው ዝርዝር ስህተትን ቀድሞ ይይዛል። “ያስተምሩኝ” ተብሎ ብቻ ከተጠየቀ ግን ከተጣበበ ቀኑ ላይ ሰዓት መቀነስ ይሆንበታል። እኔ ሁለት ሦስት ግብ ይበቃል ባይ ነኝ፤ ዐሥር ግብ የያዘ ወረቀት ላይ ማንም በልቡ አይስማማም። ለእያንዳንዱም ማን እንደሚያሳይ መወሰን አለበት። የስታፋ አተጣጠፍንና አስተሳሰርን ከኢንጂነሩ ይልቅ ፌራዮው ያውቀዋል፤ ነገር ግን ፌራዮው ለተማሪዋ ጊዜ የሚሰጣት ኢንጂነሩ ወይም ፎርማኑ አስቀድሞ ከነገረው ነው። ይህን ማስነገርም የስምምነቱ አካል ነው።

ስምምነቱ መላላቱን የሚናገረው ሎግ ቡኩ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ገጹ ሁሉ “ተመለከትኩ” በሚል ቃል የሚያልቅ ከሆነ፣ ተማሪው ገና ምንም ሥራ አልያዘም። ግብ በተማሪው ስንፍና ብቻም አይከሽፍም። ሲሚንቶ ይጠፋል፣ ክፍያ ይዘገያል፣ ሙሌቱ ይገፋል። ያን ጊዜ ዝም ብሎ ከመጠበቅ “ኢንጂነር፣ ሙሌቱ ከኔ ጊዜ ካለፈ በምትኩ የክፍያ ሰነዱን ልኬት ልሥራ?” ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የተለወጠው ግብ ከፊተኛው ሥር ከነቀኑ ይጻፋል፤ ሁለቱም ይፈርሙበታል፤ የዩኒቨርሲቲው አማካሪም ቅጂው ይድረሰው። አማካሪው ለጉብኝት ሲመጣ የሚጠይቀው በዚያ ወረቀት ላይ ስላለው ሥራ እንዲሆን።